መምህር ሆኖ ለልማት ድርጅት የአሠልጣኝነት ሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

መምህር ደብዳቤ መጻፍ አያቅተውም። ችግሩ ለዓመታት የለመድነው የማመልከቻ ዓይነት ነው። አብዛኞቻችን የጻፍነው የዝውውር ማመልከቻ ነው። እዚያ ላይ ችግራችንን እንዘረዝራለን። ከቤተሰብ የራቅንበትን ጊዜ፣ ያገለገልነውን ዓመት፣ የጤናችንን ሁኔታ እንጽፍና «በትህትና እጠይቃለሁ» ብለን እንፈርማለን። ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይህ ትክክለኛው አጻጻፍ ነው። ልማት ድርጅት ውስጥ የሚያነበው ሰው ግን የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ሰኞ ጠዋት 20 ጎልማሶች ፊት ብትቆሙ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይፈልጋል።

እኔ 11 ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ነው ወደ ሥልጠና ሥራ የገባሁት። አሁን የአመልካቾችን ደብዳቤ ከሚያነቡት አንዱ ነኝ። ከመምህራን የሚመጡ ደብዳቤዎችን ሳነብ ብዙ ጊዜ ያመኛል፤ ጥሩ ሥራ የሠራ ሰው ሥራውን ሳይጽፈው ቀርቶ ስለሚወድቅ። «ለ8 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ፤ ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል ነኝ» ይላል። ይህን ሁሉም ይጽፈዋል።

የአንባቢው ጥርጣሬ አንድ ነው። ተማሪ ክፍል የሚገባው መግባት ስላለበት ነው፤ ስም ይጠራል፣ ፈተና አለ። ጎልማሳ ሠልጣኝ ካልተመቸው ከሻይ ዕረፍት በኋላ አይመለስም። የሚያውቀውን ብትነግሩት ይሰለቻል፤ ብትቆጡት ይቀየማል። ስለዚህ ደብዳቤው መመለስ ያለበት ጥያቄ «ይህ መምህር ሳይገደዱ የመጡ አዋቂዎችን አሠልጥኖ አንድ ነገር መለወጡን ማሳየት ይችላል ወይ?» የሚለው ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ለማሳየት አንዲት የባዮሎጂ መምህርት እናስብ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች እንበል። የምታመለክተው ባሕር ዳር ሆኖ 3 ወረዳዎችን ለሚሸፍን የሥልጠና ኦፊሰር መደብ ነው። የሚሠለጥኑት የሴቶችና የወጣቶች የቁጠባና ብድር ቡድኖችን የሚደግፉ የማኅበረሰብ አመቻቾች ናቸው።

መጀመሪያ፦ ማስታወቂያውን በግሦቹ አንብቡት

የመደቡ ስም አይሸውዳችሁ። «የሥልጠና ኦፊሰር» የሚባሉ ሁለት በጣም የተለያዩ ሥራዎች አሉ። አንደኛው አዳራሽ የሚይዝ፣ ተሳታፊ የሚጠራ፣ የፊርማ ወረቀት የሚያስፈርም፣ አበል የሚያስከፍል ነው። ሁለተኛው ራሱ ሥልጠናውን የሚያዘጋጅ፣ የሚሰጥና ከሥልጠናው በኋላ ሠልጣኞቹ ያሉበት ድረስ ወርዶ የሚያይ ነው። ልዩነቱን የሚነግሩን ግሦቹ ናቸው። «ማስተባበር፣ ማመቻቸት፣ ማደራጀት» የሚሉት ከበዙ መደቡ የመጀመሪያው ነው። «ፍላጎት መለየት፣ ሞጁል ማዘጋጀት፣ መስጠት፣ መከታተል» ካለ ሁለተኛው ነው። ማስታወቂያውን አትማችሁ ግሦቹን ብቻ አስምሩባቸው። የተደጋገመው ግሥ የደብዳቤያችሁ መሐል ይሆናል።

ቀጥሎ «የግድ» የሚለውን «ይመረጣል» ከሚለው ለዩ። የእኛ መምህርት ማስታወቂያ የመጀመሪያ ዲግሪና ሥልጠና በመስጠት 4 ዓመት ልምድ የግድ ይላል። በድርጅት ውስጥ የሠራ ቢሆን ይመረጣል ይላል። ብዙ መምህራን ሁለተኛውን አይተው ሳያመለክቱ ይቀራሉ። «ይመረጣል» ማለት ግን ከሌላችሁ በሌላ ማካካስ ትችላላችሁ ማለት ነው። የግድ የተባለው ከሌለ ደብዳቤ አያድንም። የመጀመሪያውን ማጣሪያ ብዙ ጊዜ የሚሠራው የሰው ኃይል ባለሙያ ስለሆነ በተጠየቀው መስፈርት ላይ ምልክት እያደረገ ነው የሚያልፈው።

ሁለተኛ፦ ከአዋቂዎች ጋር የሠራችሁትን ብቻ ፈልጉ

ወረቀት ያዙና ያለፉትን 3 ዓመታት አስታውሱ። ተማሪዎችን ለጊዜው ተዉአቸው። ባልደረቦቻችሁን፣ ወላጆችን፣ አዲስ መምህራንን ያስተማራችሁበትን ጻፉ። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲሠራበት የሚጠበቅ ነው። ከዚያ ውስጥ እናንተ መርታችሁ የሠራችሁት ካለ ሥልጠና ሰጥታችኋል ማለት ነው። አዲስ ለተመደበ መምህር በሁለቱ የሙያ ትውውቅ ዓመታት አማካሪ ሆናችሁ ከነበረ ይህ የሥራ ላይ ክትትል ነው። የወላጅ መምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ ስለ ሴት ተማሪዎች መቅረት ያወያያችሁት፣ የትምህርት ክፍል ተጠሪ ሆናችሁ ክፍል ገብታችሁ የሰጣችሁት አስተያየት፣ ሁሉም ይቆጠራል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስጠንቅቅ። የተማሪ ውጤትን እንደ ማስረጃ አታቅርቡ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር የማለፍ ቁጥሩ በመላ አገሪቱ ወርዷል። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ቁጥር አይነጻጸርም። አንባቢው ይህን ያውቃል። «ተማሪዎቼ 90 በመቶ አለፉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያይ በየትኛው ዓመት ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም ስለ አሠልጣኝነታችሁ ምንም አይነግረውም።

የእኛ መምህርት ዝርዝሯን ስትጽፍ 7 ነገሮች ወጡ። ከ7ቱ አንዱን ብቻ መረጠች። ለ9 የሳይንስ መምህራን የተግባር ሙከራ ስለማሠራት የሰጠችውን ሥልጠና። ለምን እሱን? ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሟላ ስለሆነ ነው። ችግሩን ለይታለች፣ ሥልጠናውን አዘጋጅታለች፣ ሰጥታለች፣ ተከታትላለች፣ ለውጡን ቆጥራለች። ሌሎቹ 6ቱ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ይጎድላቸዋል። አንድ ሙሉ ታሪክ ከ7 ቁርጥራጭ ይበልጣል።

ሦስተኛ፦ ታሪኩን በ4 ጥያቄዎች አውጡት

ችግሩ ምን እንደሆነ እንዴት አወቃችሁ? ምን አደረጋችሁ? ምን ተበላሸ? ምን ተለወጠ፣ በምንስ ቆጠራችሁት?

መምህርቷ በመጀመሪያው ረቂቋ ላይ የጻፈችው እንዲህ ነበር፦ «በትምህርት ቤታችን ለሳይንስ መምህራን የአቅም ግንባታ ሥልጠና በመስጠት የመማር ማስተማሩ ሥራ እንዲሻሻል ከፍተኛ አስተዋጽኦ አበርክቻለሁ።» ይህ የሪፖርት ቋንቋ ነው። ውሸት የለበትም፤ የሚታይ ነገርም የለበትም።

ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ስንጠይቃት ሌላ ነገር ወጣ። መምህራኑ ሙከራ የማያሠሩት ዕቃ ስለሌለ ነው ይሉ ነበር። እሷ ቤተ ሙከራውን ስታይ ቢያንስ 5ቱ ሙከራዎች ባለው ዕቃ የሚሠሩ ሆነው አገኘቻቸው። ሦስት ክፍል ገብታ ስትመለከት ደግሞ ያስቸገረው 60 ተማሪ ይዞ በ40 ደቂቃ ውስጥ መጨረስ መሆኑን አየች። ስለዚህ ሥልጠናውን ከዕቃ አወጣችና በጊዜ አጠቃቀምና በቡድን አደረጃጀት ላይ አደረገችው። ይህ የሥልጠና ፍላጎት ዳሰሳ ነው። ስሙን ሳታውቀው ሠርታዋለች።

የተበላሸው ነገር የበለጠ ያስደስታል። ሥልጠናውን ቅዳሜ ጠዋት አድርጋው ነበር። ከሁለተኛው ቅዳሜ በኋላ 2 መምህራን ቀሩ። አልተቆጣችም፤ ጠየቀቻቸው። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ወደ ረቡዕ ከሰዓት አዛወረችውና አንደኛው ተመለሰ። ይህ ዝርዝር ደብዳቤው ውስጥ መግባት አለበት ስላት አመነታች፤ ድክመት የሚያሳይ መሰላት። እኔ ደብዳቤ አንባቢ ሆኜ ስናገር ግን ከሁሉም ይልቅ የሚያሳምነኝ እሱ ነው። የገጠር ሥልጠና የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በገበያ ቀን፣ በበዓል፣ በለቅሶና በአጨዳ ወቅት ነው። ይህን በራሷ ላይ ደርሶ ያየች ሰው ቡድኖቹን መቼ እንደምትጠራ ታውቃለች።

ቁጥሩን ከቤተ ሙከራው መዝገብ ላይ ወሰደች። ከሥልጠናው በፊት በነበረው መንፈቀ ዓመት 4 ሙከራ፣ በቀጣዩ 17። መዝገብ ከሌላችሁ ቁጥር አትፍጠሩ። «ከ9ኙ 6ቱ በራሳቸው ቀጠሉበት» ማለትም ቁጥር ነው፤ በስም ቆጥራችሁት ከሆነ።

አራተኛ፦ የሌላችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ

በድርጅት ውስጥ አልሠራችሁም። ይህን መሸፈን አይቻልም፤ ሲቪያችሁ ላይ ይታያል። አንዳንዱ ለመሸፈን ብሎ ደብዳቤውን በድርጅት ቃላት ይሞላዋል፤ ፋሲሊቴሽን፣ ካፓሲቲ ቢልዲንግ፣ ስቴክሆልደር። የቃለ መጠይቁ ዕለት «የመጨረሻው ሎግፍሬም ላይ የሠራኸው ምን ነበር?» ሲባል ዝም ይላል። የምታውቁትን ቃል ብቻ ተጠቀሙ።

የሚሻለው የጎደለውን በግልጽ ብሎ ቅርቡን ማሳየት ነው። መምህርቷ ለለጋሽ ሪፖርት ጽፋ አታውቅም። ነገር ግን ለ2 ዓመት የመምህራኑ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ያዥ ነበረች። መጀመሪያ ደብዳቤዋ ላይ አልነበረም፤ «እሱ ከማስተማር ጋር አይገናኝም» ብላ ትታው ነበር። የምታመለክተው ግን ለቁጠባ ቡድኖች ነው! ማስታወቂያውን ከጎን አስቀምጣችሁ ዝርዝራችሁን እንደገና አንብቡ የምለው ለዚህ ነው።

ለምን ከማስተማር እንደምትወጡም አንድ መስመር ያስፈልጋል። ደመወዝን አታንሡ፤ ርዕሰ መምህሩንም ትምህርት ቤቱንም አትክሰሱ። አንባቢው የመምህር ደመወዝ ስንት እንደሆነ ያውቃል። እሱ የሚፈራው ለሥልጠና ሥራ ሳይሆን ከትምህርት ቤት ለመውጣት ብቻ መጥታችሁ ከሆነ በ6 ወር ውስጥ ሌላ ማስታወቂያ እንዳታዩ ነው። እውነተኛውን ምክንያት ከሠራችሁት ሥራ ውስጥ አውጡት።

አምስተኛ፦ ጻፉት

ማስታወቂያው የወጣው በእንግሊዝኛ ከሆነ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይሆናል። ቢሆንም መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት። በቀጥታ በእንግሊዝኛ ስንጀምር እጃችን ወደ ለመዳቸው ሐረጎች ይሄዳል፤ ታሪኩ ይቀራል። ከአንድ ገጽ አይለፍ። የመምህርቷ የመጨረሻው ረቂቅ ይኸው፦

ጉዳዩ፦ ለሥልጠና ኦፊሰር የሥራ መደብ ማመልከቻ ስለማቅረብ

ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን ለ9 የሳይንስ መምህራን የተግባር ሙከራ ስለማሠራት ሥልጠና አዘጋጅቼ ሰጥቻለሁ። ከሥልጠናው በፊት በነበረው መንፈቀ ዓመት በቤተ ሙከራው መዝገብ የተመዘገቡት ሙከራዎች 4 ነበሩ፤ በቀጣዩ 17 ሆነዋል። በማስታወቂያችሁ ላይ ከሥልጠና ኦፊሰሩ የሚጠበቀው ፍላጎት መለየት፣ ማሠልጠንና መከታተል ስለሆነ ለመደቡ አመልክቻለሁ።

ሥልጠናውን ከማዘጋጀቴ በፊት 9ኙን መምህራን አነጋገርኩ፤ የ3ቱን ክፍለ ጊዜ ገብቼ ተመለከትኩ። ሁሉም የጠቀሱት የዕቃ እጥረትን ነበር። ያየሁት ዋና ችግር ግን 60 ተማሪዎችን ይዞ በ40 ደቂቃ መጨረስ አለመቻል ነበር። ስለዚህ ሥልጠናው በጊዜ አጠቃቀምና በቡድን አደረጃጀት ላይ እንዲያተኩር አደረግሁ። በ4 ቀን፣ በየቀኑ ለ2 ሰዓት፣ እያንዳንዱ መምህር በባልደረቦቹ ፊት አንድ ሙከራ አሠርቶ አስተያየት ተቀብሏል። ቅዳሜ የገበያ ቀን በመሆኑ 2 መምህራን ሲቀሩ ቀሪዎቹን ክፍለ ጊዜዎች ወደ ረቡዕ አዛወርኩ፤ አንዱ ተመልሷል። ከዚያ በኋላ ለ2 ወር በየ15 ቀኑ ክፍላቸው እየገባሁ ተከታትያለሁ።

በልማት ድርጅት ውስጥ ሠርቼ አላውቅም፤ ለለጋሽ የሚቀርብ ሪፖርትም አልጻፍኩም። ለ2 ዓመት ግን የመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበራችን ሒሳብ ያዥ ሆኜ የአባላትን መዝገብ ይዣለሁ፤ ቁጠባ ያቋረጡ አባላትንም በየቤታቸው ሄጄ አነጋግሬአለሁ። የምታሠለጥኗቸው አመቻቾች በየቀኑ የሚያጋጥማቸው ይህ ሥራ እንደሆነ እገምታለሁ።

የመምህራኑን ሥልጠና የሠራሁት ከክፍል ሥራዬ በተጨማሪ ነበር። አሁን ዋና ሥራዬ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

በወር እስከ 15 ቀን በመስክ መቆየት እችላለሁ። ከተመረጥኩ ሥራ አስረክቤ መልቀቂያ ለመውሰድ አንድ ወር ያስፈልገኛል። የሥልጠናውን ዕቅድ፣ የተሳታፊዎች መከታተያውንና የመዝገቡን ቅጂ በተጠየቅሁ ጊዜ አቀርባለሁ።

ከሠላምታ ጋር

እስቲ የመጀመሪያውን አንቀጽ ተመልከቱት። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የተመረቀችበት ዓመት የለም፤ እነሱ ሲቪው ላይ አሉ። አንባቢው በ3 ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማንን እንዳሠለጠነች፣ ምን እንደተለወጠና ለምን እዚህ እንዳመለከተች ያውቃል። ደግሞ «17 ሆነዋል» አለች እንጂ «በእኔ ምክንያት» አላለችም። በዚያው መንፈቀ ዓመት ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል። ቁጥሩን አስቀምጦ ፍርዱን ለአንባቢው መተው ይበልጥ ያሳምናል።

ከመላካችሁ በፊት

ደብዳቤውን መምህር ላልሆነ ሰው ስጡት። ካነበበ በኋላ ወረቀቱን ተቀበሉትና «ምን ሠራሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። «መምህራን አሠልጥነሽ ሙከራ መሥራት ጀመሩ» ካለ ደርሷል። «ጎበዝ መምህር ነሽ» ካለ ገና ነው፤ ሁለተኛውን አንቀጽ እንደገና ጻፉት።

ሌላው ማጣሪያ የድርጅቱን ስም በሌላ ድርጅት ስም መተካት ነው። ደብዳቤው ምንም ሳይጎድለው ለሌላው የሚሄድ ከሆነ ማስታወቂያውን አልመለሰም ማለት ነው። በእኛ ምሳሌ የቁጠባ ማኅበሩ አንቀጽ ለጤና ፕሮጀክት ቢላክ ቦታ አይኖረውም። እዚያ የሚገባው ምናልባት የጤና ክበቡ ሥራ ነው። በየማመልከቻው ሦስተኛው አንቀጽ ይቀየራል ብላችሁ አስቡ።

የመልቀቂያውን ጊዜ ገምታችሁ አትጻፉ። ወረዳችሁን ወይም የትምህርት ቤቱን አስተዳደር ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የትምህርት ዕድል ወስዳችሁ የአገልግሎት ግዴታ ካለባችሁ በተለይ። ሥራውን አግኝቶ መልቀቂያ ሳይጨርስ ቀኑ ያለፈበት ሰው አውቃለሁ። ድርጅቱ 3 ሳምንት ጠብቆ ተጠባባቂውን ጠራ።

በመጨረሻ፣ የጠቀሳችሁትን ማስረጃ ዛሬውኑ ሰብስቡ። የሙያ ማሻሻያ ፋይላችሁን፣ የፊርማ ወረቀቱን፣ የመዝገቡን ገጾች ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ለሥልጠና መደብ ቃለ መጠይቅ ሲደረግ ብዙ ጊዜ የ10 ወይም የ15 ደቂቃ ሥልጠና እዚያው አሳዩ ይባላል። ርዕሱን ምረጡ ካሏችሁ ደብዳቤው ላይ የጻፋችሁትን ውሰዱ። የእኛ መምህርት ብትሆን 60 ተማሪን በ6 ቡድን ከፍሎ ሙከራ ማሠራትን፣ ጠያቂዎቹን ራሳቸውን በሁለት ቡድን ከፍላ ታሳያለች።